የሆቴሉ ሒሳብ ካደርነው አዳር በለጠ፦ ስለ ሥልጠና የአልጋ ሒሳብ ማስተካከያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥልጠናና ስብሰባ የሚያዘጋጁ የቢሮ ሰዎች ሒሳብ ሊዘጉ ሲሉ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

የአልጋ ሒሳብ የሚቆጠረው በቀን ነው ወይስ በአዳር?

በአዳር ነው። እሁድ ማታ ገብቶ አርብ ረፋድ ላይ ቁልፍ ያስረከበ ሰው አምስት ጊዜ ነው ያደረው፤ እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ። አርብ ቀኑን እዚያው ቢውልም ሌሊቱን አላደረም። ከእሁድ እስከ አርብ በጣቱ የሚቆጥር ሰው ግን ስድስት ጣት ያጥፋል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህች ከስድስተኛዋ ጣት ነው።

ከጣት ይልቅ መቀነስ ይሻላል። ኅዳር 7 ገብቶ ኅዳር 12 ከወጣ፣ ከ12 ላይ 7 ሲቀነስ 5 አዳር። መሃል ላይ ወር ከተቀየረ በእኛ አቆጣጠር ሥራው ቀላል ነው፤ ወሩ ሁልጊዜ 30 ስለሆነ በወጣበት ቀን ላይ 30 መጨመር ይበቃል። ጥቅምት 28 ገብቶ ኅዳር 3 የወጣ ሰው፣ ከ33 ላይ 28 ሲቀነስ፣ 5 አዳር አለው። ጳጉሜን ላይ ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ብቻ ይጠንቀቅ።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? ሆቴሉ አውቆ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አውቆ አይደለም። እንዲህ ስል የሚስቁብኝ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን ካየሁት ነው የምናገረው። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያውቀው ሪሴፕሽን ነው። ኢንቮይሱን የሚያዘጋጀው ግን ሽያጭ ክፍል ወይም ሒሳብ ክፍል ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የእናንተን የመያዣ ደብዳቤ ታወጣለች። «24 አልጋ፣ ከኅዳር 7 እስከ 12» ይላል። 24 በ6 አባዝታ ታትማለች። ወደ ሪሴፕሽን ስልክ አልተደወለም።

ሁለተኛው ምክንያት የቀን አቆጣጠር ነው። ደብዳቤያችን በኅዳር፣ የሆቴሉ ሲስተም በኖቬምበር ነው። ኅዳር 7 ቀን 2018 ማለት ኖቬምበር 16 ነው። በ2016 ግን ያው ኅዳር 7 ኖቬምበር 17 ላይ ነበር የዋለው። «ዘጠኝ መደመር ነው» ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው በእንደዚህ ያለው ዓመት ይሳሳታል። መግቢያውም መውጫውም አብረው ከተንሸራተቱ የአዳሩ ብዛት አይለወጥም። መውጫው ብቻ ሲታረም ነው አንድ አዳር የሚጨመረው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ የክፍል ቅያሪ። ሠልጣኙ 204 ገባ፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ ማታውኑ ወደ 311 ተዛወረ። ሪሴፕሽን 204ን ሳይዘጋው ካደረ፣ በወረቀቱ ላይ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት ክፍል አድሯል ማለት ነው።

መብዛቱን በምን አውቃለሁ?

ጠቅላላውን ብር በማየት አታውቁትም። በሰው በሰው ነው መውረድ ያለባችሁ። ኅዳር 2018 ላይ ደሴ ውስጥ የገጠመንን ላሳያችሁ። ሆቴሉን አልጠራውም። ሥልጠናው ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ አርብ ኅዳር 12 ነበር። 24 አልጋ ይዘናል፤ የአንዱ ዋጋ ከቫት በፊት 1,600 ብር። የመጣልን ኢንቮይስ 24 አልጋ በ6 አዳር፣ 144 አዳር ይላል። ከነቫቱ 264,960 ብር።

ስም ዝርዝሩን ዘርግተን ከሪሴፕሽን ጋር ተቀመጥን። 15 ሰዎች እሁድ ማታ ገብተው አርብ ወጥተዋል፤ አምስት አምስት አዳር፣ 75። ስድስቱ ከከሚሴና ከሐይቅ የመጡ ናቸው፤ ቅርብ ስለሆኑ ሰኞ ጠዋት ነው የደረሱት፣ ያንንም በስም ዝርዝሩ ላይ አስቀድመን ጽፈን ነበር። አራት አራት አዳር፣ 24። አንደኛው ረቡዕ ጠዋት ለቅሶ ደርሶበት ሄደ፤ 3 አዳር። ክፍሉን ሆቴሉ በዚያው ቀን ለሌላ እንግዳ አከራይቶታል። ሁለቱ ጭራሽ አልመጡም፤ በውላችን ሳይሰርዝ ለቀረ ሰው አንድ አዳር ይከፈላል የሚል ስላለ 2 አዳር። ሲደመር 104።

ልዩነቱ 40 አዳር ነው። ከዚህ ውስጥ 24ቱ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ያለው የአርብ ሌሊት ነው፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ተጨምሯል። 6ቱ ሰኞ የገቡት ሰዎች እሁድ ነው። 2ቱ የለቅሶው ሰው ረቡዕና ሐሙስ ነው። የቀሩት 8ቱ የሁለቱ ያልመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንድ አንዱ ሲከፈል የቀሩት አራት አራት አዳሮች። ትክክለኛው ሒሳብ ከነቫቱ 191,360 ብር ሆነ፤ ልዩነቱ 73,600 ብር። ልብ በሉ፣ «40 አዳር በዝቷል» ብሎ መናገርና እያንዳንዷ አዳር የማን እንደሆነች መናገር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ክርክር ይከፍታል። ሁለተኛውን ይዞ ለሄደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሱለት መልስ አይኖራቸውም።

አቴንዳንስ ማስረጃ ይሆናል?

ለሥልጠናው እንጂ ለአልጋው አይሆንም። አቴንዳንስ የሚያሳየው ሰውየው አዳራሽ መግባቱን ነው። ዘመድ ቤት አድሮ ጠዋት የሚመጣ ሠልጣኝ ደሴ ላይ ሞልቷል። በተቃራኒውም ሳይፈርም ያደረ ይኖራል። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት ያልፈረመ ሰው እሁድ ገብቷል ከተባለ፣ ጥያቄ ለማንሳት አቴንዳንሱ ይረዳል።

ዋናው ማስረጃ ያለው ሆቴሉ ጋ ነው። እንግዳው ሲገባ መታወቂያውን አሳይቶ የሚሞላው የመመዝገቢያ ካርድ አለ፤ ቀኑና ፊርማው እዚያ ላይ ነው። ሲስተም ያለው ሆቴል ከሆነ የእያንዳንዱን ክፍል መግቢያና መውጫ የሚያሳይ ዝርዝር ማተም ይችላል። በደብተር የሚሠራ ከሆነ ደብተሩን አብራችሁ እዩ። እኔ የምመክረው ሌላ ነገር ነው፦ በየማታው ሦስት ሰዓት ገደማ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ የዕለቱን የተያዙ ክፍሎች ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና የተረኛውን ፊርማ አስቀምጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አርብ ላይ ያ ወረቀት ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል።

ለማን ልናገር? ደብዳቤስ የግድ ነው?

መጀመሪያ በአፍ፣ ሽያጩን ለያዘላችሁ ሰው። ሪሴፕሽን ላይ ያለችውን ልጅ አታስጨንቋት፤ ኢንቮይሱን እሷ አላወጣችውም፣ ልታርመውም አትችልም። ብዙ ጊዜ መልሱ «አብሽር፣ እናስተካክለዋለን» ነው። ደስ የሚል መልስ ነው። ግን አብሽር ደረሰኝ አይሆንም። ወረቀቱ ታርሞ እስኪመጣ ድረስ ምንም አልተስተካከለም።

መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ደብዳቤ መጻፉ አይቀርም፤ ለፋይናንስም ለኦዲትም ያስፈልጋል። አጭር ይሁን። የእኛ ይህን ይመስል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የአልጋ ሒሳብ ማስተካከያ ስለመጠየቅ። ከኅዳር 8 እስከ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በሆቴላችሁ ላካሄድነው ሥልጠና የቀረበልን ኢንቮይስ 24 አልጋ ለ6 አዳር፣ በድምሩ 144 አዳር ይላል። ከሪሴፕሽን መዝገብ ጋር ስናመሳክር በትክክል የሚከፈልበት 104 አዳር ሆኖ አግኝተነዋል። በክፍልና በስም የተዘጋጀ ማመሳከሪያ 1 ገጽ አያይዘናል። ስለዚህ የ40 አዳር ሒሳብ ከነቫቱ 73,600 ብር ተቀንሶ የታረመ ኢንቮይስ እንዲላክልን እንጠይቃለን። በአዳራሽ፣ በምግብና በሻይ ቡና ሒሳብ ላይ ልዩነት የለንም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉአት። ጥያቄውን ታጠብበዋለች። ሆቴሉ ሙሉ ሒሳቡን ልትከለክሉት የመጣችሁ ከመሰለው ነገሩ ይጎተታል። ደግሞም «ተጭበርብረናል» የሚል ቃል አይግባባት፤ ነገ አዳራሽ የምትለምኑት ይህንኑ ሰውዬ ነው።

ዋጋው ሲቀነስ አብሮ መቀነስ ያለበት ምንድን ነው?

ቫቱ። አንዳንዱ የአልጋውን ዋጋ ብቻ ቀንሶ የቫቱን መስመር ባለበት ይተወዋል። በእኛ ምሳሌ 40 አዳር በ1,600 ሲባዛ 64,000 ብር ነው፤ 15 በመቶው 9,600 ብር ደግሞ ለብቻው ይወርዳል። ሆቴሉ ሰርቪስ ቻርጅ የሚያስከፍል ከሆነ እሱም እንዲሁ። ቁርስ በአልጋው ዋጋ ውስጥ ካልሆነና ለብቻው ከተቆጠረም ይታይ፤ አርብ ያላደሩ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ በልተው ሊሆን አይችልም።

ደረሰኝ ተቆርጧል። አሁንስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ሥራው ይከብዳል። ኢንቮይስ ወይም ፕሮፎርማ ወረቀት ነው፤ ተቀዶ ሌላ ይታተማል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ግን አንዴ ከወጣ ማሽኑ ውስጥ ተመዝግቧል፣ አይሰረዝም። በእስክርቢቶ ማረም ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ኦዲተር ከሩቅ የሚያየው ነገር ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሻጩ፣ ማለትም ሆቴሉ፣ ለተቀነሰው ዋጋና ቫት ክሬዲት ኖት እንዲሰጥ ወይም በተመላሽ ሥርዓቱ የመጀመሪያውን ሽሮ በትክክለኛው መጠን አዲስ እንዲቆርጥ ማድረግ ነው። ዋናውን ደረሰኝ ከነአታችመንቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮፒ ይዞ የሄደ ሰው «ዋናውን አምጣ» ተብሎ ይመለሳል። አታችመንቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ማሽኑ የሚያትመው ብዙ ጊዜ ድምሩን ብቻ ሲሆን የአዳሩ ብዛት የሚገኘው አታችመንቱ ላይ ነው። አዲሱ ሲመጣ የመሥሪያ ቤታችሁ ስምና ቲን ቁጥር በትክክል መውጣቱን፣ የአዳሩ ቁጥርም መስተካከሉን ሁለቱም ወረቀት ላይ እዩ።

ዊዝሆልዲንግ ቆርጣችሁ ከሆነ እሱም ይነካል። የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ ዋጋው ከወረደ ለሆቴሉ የሰጣችሁት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ከሒሳቡ ጋር አይገጥምም። ይህን የፋይናንስ ሰው ቀድሞ ይወቀው። ለዚህ ነው አርብ ከሰዓት፣ መኪናው ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ፣ «ቁረጡልን እንጂ በኋላ እናየዋለን» አትበሉ የምለው። አንድ ጊዜ ብዬ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ 400 ኪሎ ሜትር፣ ለአንዲት ወረቀት ተመልሻለሁ።

ሳይመጡ ለቀሩት ሆቴሉ ሊያስከፍለን ይችላል?

ሊያስከፍል ይችላል። ክፍሉን ለእናንተ ብሎ ሌላ እንግዳ መልሶ ከሆነ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልሱ ያለው በውላችሁ ወይም በመያዣ ደብዳቤያችሁ ላይ ነው። «ከ48 ሰዓት በፊት ካላሳወቃችሁ አንድ አዳር ትከፍላላችሁ» የሚል ካለ አንድ አዳር ትከፍላላችሁ፤ አምስቱን ግን አይደለም። ምንም ካልተጻፈ ሁለታችሁም በእጃችሁ የያዛችሁት ነገር የለም፣ መደራደር ነው። አንድ አዳር ተቀብሎ መዝጋት እኔ የማየው የተለመደ ማብቂያ ነው።

ሰኞ ስለገቡት ስድስት ሰዎችም ተመሳሳይ ነው። ለእኛ የሠራልን የስም ዝርዝሩ ላይ በየሰው ፊት «እሁድ ማታ» ወይም «ሰኞ ጠዋት» የሚል ስለነበረ ነው። 24 አልጋ ከእሁድ ጀምሮ ብለን ብቻ ብንጽፍ ኖሮ የእነሱን እሁድ ሆቴሉ ቢጠይቀን አልፈርድበትም።

አርብ ከሰዓት ዘግይተው ስለወጡ ነው ሌላ አዳር የተቆጠረው አሉን። ልክ ናቸው?

በግማሽ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ሆቴል የመውጫው ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሥልጠናው በምስክር ወረቀትና በፎቶ ተጎትቶ 9 ሰዓት ካለቀ፣ ሻንጣው ክፍል ውስጥ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው። ሆቴሉ ክፍሉን አጽድቶ ለሌላ ሰው መስጠት አልቻለም።

ጥያቄው ለስንት ክፍል ነው? የሚለው ነው። ሁሉም 24 ክፍል ዘግይቶ አይደለም። ቁልፍ የተመለሰበትን ሰዓት ጠይቁ። ደግሞ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት መዘግየት ሙሉ አዳር ማስከፈል ከዚህ በፊት ካልተነገራችሁ ተቃወሙ፤ ግማሽ ዋጋ ወይም ምንም ብሎ መስማማት የተለመደ ነው። ለወደፊቱ መፍትሔው ቀላል ነው። አርብ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሁሉም ሻንጣውን አውርዶ አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጥ፣ ቁልፉን ያስረክብ። ያቺ አንዷ ክፍል ብትከፈልባት እንኳ አትጎዱም።

ደሴ ሞልቶ ግማሾቹ ኮምቦልቻ አደሩ። ሁለቱም ሆቴል ለአንድ ሰው አስከፍለውናል። ማን ነው የሚያርመው?

ያላደረበት ሆቴል። ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ግን የሚያደናግር ነገር ነው። ደሴ ላይ 30 አልጋ ይያዛል፤ 22 ብቻ ይገኛል። ሆቴሉ ራሱ «ስምንቱን ኮምቦልቻ እኅት ሆቴል አዘጋጅተናል» ይላል። ሰዎቹ ሐረጎን ቁልቁል ወርደው ያድራሉ። ኮምቦልቻ ያለው ሆቴል ለስምንቱ በቀጥታ ያስከፍላችኋል። ደሴ ያለው ደግሞ 30ውን ይዞ ይቀመጣል።

መፍትሔው የስምንቱን ሰዎች የኮምቦልቻ መመዝገቢያ ካርድ ኮፒ ይዞ ደሴ መሄድ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለት ከተማ አያድርም። አስቸጋሪው ደሴው ሆቴል ከኮምቦልቻው ጋር በመሃላቸው ተከፋፍለው ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ማን ለማን እንደሚከፍል የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት በአንድ አዳር አንድ ደረሰኝ ብቻ ነው።

«ልዩነቱን በምግብ እናድርገው» ወይም «ለሚቀጥለው ሥልጠና እናስብላችሁ» ቢሉንስ?

ሁለቱንም አትቀበሉ። የመጀመሪያው ድምሩ ሳይለወጥ 40 አዳሩን አጥፍቶ በሻይ ቡና መተካት ነው። ለሆቴሉ ምቹ ነው፣ ደረሰኝ መሻር አይጠበቅበትም። ለእናንተ ግን ያልተጠጣ ቡና ደረሰኝ ነው። 24 ሰው የ73,600 ብር ቡና እንዴት እንደጠጣ ለኦዲተር የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው ቅንነት ያለበት ሊመስል ይችላል፣ አንዳንዴም ነው። ነገር ግን የዘንድሮ በጀት ለከርሞ ሥልጠና አይከፍልም። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ደግሞ የሚቀጥለው ሥልጠና የለም። ቅድሚያ ከፍላችሁ ትርፍ ካለ በመሥሪያ ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይመለስ፣ በግለሰብ እጅ አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከሆቴሉ ሳይሆን ከራሳችን የሚመጣ። አልጋው በመሥሪያ ቤቱ የተከፈለለት ሠልጣኝ ሙሉ አበል ወስዶ ከሆነ፣ የአዳር ዝርዝሩን ስታጣሩ ያም ይወጣል። የሆቴሉን ስህተት ፈልጋችሁ የራሳችሁን ታገኛላችሁ። ከሆነ ሳይጠየቅ ማስተካከል ነው።

ስናጣራ ሆቴሉ አሳንሶ የቆጠረውም ተገኘ። ዝም እንበል?

እኛም አግኝተናል። ከ15ቱ አንደኛው ሥራ አለኝ ብሎ የአርብን ሌሊት በራሱ አድሯል፤ እንደተስማማነው ሊከፍል የሚገባው እሱ ነው። 24ቱ አርብ ሲሰረዙ የእሱም አብሮ ተሰረዘ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ነገርናት። ስልክ አንስታ ደወለችለት፣ ሰውየው ቅዳሜውኑ ሪሴፕሽን ላይ በጥሬ ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሎ ነበር። ሳቀችና የታረመውን ኢንቮይስ እዚያው እያለን አተመችልን።